አዳኙን ተዉት፣ መንገደኛውን ፈትሹ

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር ያለን አራት ልጆች ነን። ከዓባይ በረሃ እስከ ጮቄ ጫፍ የሚዘልቅ ሰርቫይቫል ጌም እየሠራን ነው። የክህሎት ዛፋችን አራት ቅርንጫፍ አለው፦ አዳኝ፣ ገበሬ፣ ባለእጅ፣ መንገደኛ። በእያንዳንዱ ስድስት ክህሎት አለ። ተጫዋቹ በጠቅላላው 10 ነጥብ ያገኛል። 26 ሰው ለሁለት ለሁለት ሰዓት አስሞከርን። 19ኙ አዳኝና መንገደኛን ብቻ መረጡ። አዳኙን ሁለት ጊዜ አዳከምነው፣ ግን ለውጥ የለም። አራቱም እኩል እንዲሆኑ ቁጥሮቹን እንዴት እናስተካክል? የቁጥሮቹን ሠንጠረዥ አያይዘናል።»

«እኩል» የሚለውን ቃል መጀመሪያ እርሱት። አራቱ ቅርንጫፎች በቁጥር እኩል ከሆኑ ተጫዋቹ ዓይኑን ጨፍኖ ቢመርጥም ያው ነው። ያው ከሆነ ደግሞ ዛፉ ለምን አስፈለገ? ልትሠሩት የሚገባው ገበሬው አንድ ቦታ ላይ አዳኙን የሚያስቀናበት፣ ሌላ ቦታ ላይ ደግሞ አዳኙ ገበሬውን የሚያስቀናበት ጌም ነው። ሌላው ስሕተት ከዚህ ይብሳል። አዳኙን ያለ ጥፋቱ ሁለት ጊዜ ቀጥታችሁታል። ሠንጠረዡን ሳየው ችግሩ ያለው መንገደኛው ላይ ነው።

ሰርቫይቫል ጌም ውስጥ ክህሎት ሁሉ የሚከፍለው በአንድ ገንዘብ ነው፣ በደቂቃ። ሥጋ በሉት፣ እንጨት በሉት፣ ውሃ በሉት፣ ዞሮ ዞሮ ጥያቄው «ይህን ለማግኘት ከቀኔ ስንት ደቂቃ ሄደ?» የሚል ነው። በእናንተ ጌም አንድ ቀን 24 ደቂቃ ነው። 16ቱ ብርሃን ነው፣ 8ቱ ጨለማ። ስለዚህ እያንዳንዱን ክህሎት «ከ16ቱ ውስጥ ስንት ደቂቃ ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህን የማያሳይ ሠንጠረዥ ስለ ዛፉ ምንም አይነግራችሁም።

ከአዳኙ እንጀምር። ክህሎት የሌለው ሰው አንድ አደን ለመጨረስ 6 ደቂቃ ይፈጅበታል። 4ቱ መሄጃና መመለሻ ነው፣ 2ቱ ማድፈጥና መግፈፍ። በዚህ 120 የምግብ ነጥብ ያገኛል። በቀን የሚያስፈልገው 100 ስለሆነ ሆዱ በቀን 5 ደቂቃ ያስወጣዋል ማለት ነው። ሦስቱን የአዳኝ ክህሎቶች የወሰደ ሰው በመጀመሪያው ቁጥራችሁ 50 በመቶ ተጨማሪ ሥጋ ያገኝ ነበር። 180 ነጥብ ይዞ ይመለሳል፣ የቀን ወጪው ወደ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይወርዳል። ሦስት ነጥብ ከፍሎ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ አተረፈ። እናንተ ወደ 25 በመቶ አወረዳችሁት። አሁን 150 ያገኛል፣ ወጪው 4 ደቂቃ ነው፣ ትርፉ 1 ደቂቃ። ያ ሁሉ ማዳከም ከተጫዋቹ የወሰደው በቀን 40 ሰከንድ ብቻ ነው። ማንም አያስተውለውም።

አሁን መንገደኛውን እዩት። በሠንጠረዣችሁ መሠረት ክህሎት የሌለው ሰው ከ16ቱ ደቂቃ 9ኙን በእግር ነው የሚያሳልፈው። 4ቱ እንጨት፣ ውሃና ድንጋይ ማመላለስ ነው፣ 5ቱ ሌላ ጉዞ። «ድርብ ጭነት» የሚለውን ክህሎት ሲወስድ ማመላለሱ በግማሽ ይቀንሳል። 4ቱ 2 ይሆናል፣ ጠቅላላው 7። «ፈጣን እግር» ደግሞ ፍጥነቱን በ25 በመቶ ሲጨምር 7ቱ ወደ 5.6 ይወርዳል። ሁለት ነጥብ ከፍሎ በቀን 3.4 ደቂቃ አተረፈ። በአንድ ነጥብ ብናካፍለው 1.7 ደቂቃ ነው። አዳኙ ከመዳከሙ በፊት እንኳ በአንድ ነጥብ የሚመልሰው ግማሽ ደቂቃ ከፍ ቢል ነው። ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው፣ ያውም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።

እነዚህ ሁለቱ ክህሎቶች ምርጫ መሆናቸው ቀርቷል፣ ግብር ሆነዋል። ያልከፈለ ይቀጣል እንጂ የከፈለ የተለየ ሰው አይሆንም። እንደዚህ ያለ ክህሎት የሚታወቀው የትኛውም ዓይነት ተጫዋች የትኛውንም ሥራ ሲሠራ የሚጠቅም በመሆኑ ነው። መራመድ የማይፈልግ ሥራ ጌሙ ውስጥ አለ? የለም።

ታዲያ አዳኙ ለምን አብሮ ተመረጠ? ከአደኑ 6 ደቂቃ 4ቱ እግር ስለሆነ ነው። ፈጣን እግር ያለው ሰው 4ቱን በ3.2 ይጨርሳል። ገበሬው ግን ማሳው ላይ ቆሞ ስለሚውል ከፈጣን እግር የሚደርሰው ነገር የለም። ሞካሪዎቻችሁ መጀመሪያ መንገደኛን መረጡ፣ ከዚያ ከእሱ ጋር የሚሄደውን ፈለጉ፣ ያገኙት አዳኝን ነው። አዳኙን ዜሮ ብታደርጉት እንኳ ከእግር ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር ፈልገው ይለጥፉበታል።

ገበሬው ላይ ደግሞ የፈተናችሁ ጥፋት አለ። በቁጥር ገበሬው ከመጀመሪያው አዳኝ አያንስም። ማሳውን በቀን 3 ደቂቃ ይንከባከባል፣ በክህሎቱ 90 ነጥብ ያገኛል። 100 ለማግኘት 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ማለት ነው፣ ልክ እንደ አዳኙ። ነገር ግን የመጀመሪያው አዝመራ የሚደርሰው በ7ኛው ቀን ነው። ሁለት ሰዓት የተጫወተ ሰው የሚያየው ስንት ቀን ነው? 120ን ለ24 አካፍሉት፣ 5 ይመጣል። ከ26ቱ ሰዎች አንዱም አዝመራ አላየም! ዘርቶ፣ አርሞ፣ ሳያጭድ ወደ ቤቱ ሄደ። እዚህ ጋ ስቄ ነበር፣ አትቀየሙኝ። እኔም በመጀመሪያው ጌሜ ሦስት ወር ሙሉ ቁጥር ስደምርና ስቀንስ ከርሜ፣ ደብረ ማርቆስ ያለ የአክስቴ ልጅ ነው አንድ ከሰዓት ተጫውቶ «ሩጫን የማይወስድ ሞኝ አለ እንዴ?» ብሎ ያነቃኝ።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ፈጣን እግርንና ድርብ ጭነትን ከዛፉ አውጧቸው። አታዳክሟቸው፣ ንቀሏቸው። 25 በመቶውን ወደ 15 ብታወርዱትም ግብሩ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። የፍጥነቱን ነገር ለሁሉም መነሻ አድርጉት፣ ወይም መንገድ ላይ ሲኬድ ከጫካ ይልቅ ይፍጠን። ጭነቱን ደግሞ ለዕቃና ለከብት ስጡት። ጎጃም ውስጥ ነው ያላችሁ፣ አህያ የምትባል ፍጡር አለች። አህያ ማንም ሊገዛ ይችላል፣ ግን መኖ ትፈልጋለች፣ ገደል አትወርድም፣ ማታ ጅብ ይመጣባታል። ስለዚህ ድርብ ጭነት ዋጋ ያለው ነገር ይሆናል። አንዳንዱ ይከፍላል፣ አንዳንዱ በስልቻ ይበቃኛል ይላል። አሁን ባለው አሠራር ግን ተጫዋቾቻችሁ «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» የተባለው ዓይነት ሆነዋል።

መንገደኛው ባዶ ቀረ እንዳትሉ። ቁጥር የሚጨምረውን አንሱና በፊት የማይቻል የነበረ ነገር የሚያስችለውን ስጡት። ለምሳሌ ሰማይ አይቶ ውርጭ ወይም ዝናብ መምጣቱን ከማንም ቀድሞ ይወቅ። በክረምት የሞላ ወንዝ ሌላው ሰው እስኪጎድል ሲጠብቅ እሱ መሻገሪያውን ይለይ። ዕቃውን ጅብም ሌላ ተጫዋችም በማያገኘው ቦታ ይቅበር። እነዚህ በቀን ስንት ደቂቃ እንደሚመልሱ በአንድ ቁጥር ልትናገሩ አትችሉም፣ ምክንያቱም መልሱ ተጫዋቹ ባለበት ቦታና ባሰበው ነገር ይለያያል። የሚፈለገውም ይኸው ነው። ዋጋው በአንድ ቁጥር ተጠቅልሎ የሚነገር ክህሎት ሁልጊዜ ከሌላው ጋር ተወዳድሮ ወይ ያሸንፋል ወይ ይሸነፋል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። ዛፉ የቱንም ያህል ቢያምር ዓለሙ አንድ ጥያቄ ብቻ ከጠየቀ አንድ ምርጥ መልስ ይኖራል። የእናንተ ዓለም አሁን የሚጠይቀው «ምን በላህ?» ብቻ ነው። ከዓባይ እስከ ጮቄ ይዛችሁ ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ዓባይ ድልድዩ ጋ ወርዳችሁ 1,100 ሜትር ገደማ ናችሁ፣ ሙቀትና ወባ ነው። ደጀን ስትወጡ ደጋ ነው። ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ የሚለውን የአገሩ ሰው ድሮ ከፋፍሎ አስቀምጦላችኋል። እናንተ የቀየራችሁት የሣሩን ቀለም ብቻ ነው።

አንዱን ሌሊት ዘርዝረን እንየው። ተጫዋቹ ጮቄ ላይ መሸበት። ከመንፈቀ ሌሊት በኋላ ቅዝቃዜው ጤናውን መብላት ይጀምራል። አዳኙ ቀደም ብሎ ካደናቸው እንስሳት ቆዳ ደበሎ አለው፣ ለብሶ ይተኛል። የከፈለው በፊት ባጠፋቸው የአደን ሰዓቶች ነው። ባለእጁ ድንጋይ ክቦ፣ ሣር አልብሶ መጠለያ ይሠራል። የሚከፍለው ከመምሸቱ በፊት 5 የብርሃን ደቂቃ ነው፣ ጠዋትም መጠለያውን ትቶት ይሄዳል። ገበሬው በጎቹን ይዞ ከመጣ አስጠግቷቸው ያድራል። ከብትና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ማደሩ በደጋው ሰው ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። የእሱ ዋጋ ጅብ ነው፣ ሽታውን ተከትሎ ይመጣል። መንገደኛው የሰማዩን ምልክት ቀድሞ ስላወቀ ከመምሸቱ በፊት ታች ወርዷል። በርዶት አያውቅም፣ ግን ለመጣበት ጉዳይ ነገ እንደገና ይወጣል።

ምንም ክህሎት የሌለው ሰውስ? ሌሊቱን ሙሉ እሳት ያነዳል። ከላይ ደግሞ እንጨት ብርቅ ነው። ከአስታው ቁጥቋጦ በላይ የሚቆረጥ ነገር እምብዛም ስለሌለ ታች ቆርጦ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ያድራል፣ ግን ተንገላቶ ያድራል። ይህን አምስተኛውን መልስ እንዳትረሱ፣ ከአራቱ ይልቅ እሱ ያስፈልጋችኋል። «ደበሎ የሌለው ጮቄ ላይ ይሞታል» ካላችሁ ደበሎን ቁልፍ፣ ጮቄን በር አደረጋችሁት። ሁሉም ቁልፉን ይገዛል፣ እናንተም ሁሉም ወደሚወስደው አንድ የክህሎት ስብስብ፣ ወደ አንድ ቢልድ ተመለሳችሁ። ብዙ ጌም ሠሪ አካባቢዎችን ከለያየ በኋላ የሚወድቀው እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ነው።

አራቱን መልሶች መልሳችሁ እዩአቸው። አንዱ በትናንት ሥራ ከፈለ፣ አንዱ በዛሬ ብርሃን፣ አንዱ በአደጋ፣ አንዱ በነገ ጉዞ። ቅድም ሁሉም ነገር በደቂቃ ይመነዘራል ብያችኋለሁ፣ አሁንም ይመነዘራል። ነገር ግን ምንዛሪው እንደ ሰውየው ሁኔታ ይለዋወጣል። ዛሬ ቸኩሎ ያለ ሰው 5 የብርሃን ደቂቃ መክፈል አይችልም። በግ የሌለው ጅብ አይፈራም። ተጫዋቾች የተለያየ መንገድ የሚመርጡት እንዲህ ሲሆን ነው።

ገበሬውን በተመለከተ ለ7ኛው ቀን ችግር አንድ ሐሳብ አለኝ፣ ግብጦ። ግብጦ የደከመ መሬት ላይ ይበቅላል፣ ደረቁ ለረጅም ጊዜ ይቀመጣል፣ ግን መራራ ነው። ቆልቶ፣ ውሃ እየቀያየሩ ቀናት ካልዘፈዘፉት አይበላም። በተተዉ ማሳዎች ላይ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገኝ። ማንም ይልቀመው፣ ማንም ይዘፍዝፈው፣ ግን ሦስት ቀን ከወንዙ ሳይርቅ ውሃውን መቀየር አለበት። ቸኩሎ የበላ ይታመም። የገበሬው ክህሎት ግብጦውን በከረጢት አድርጎ ወራጅ ውሃ ውስጥ አስሮ መሄድ ይሁን፣ ውሃው ራሱ ይቀያየራል፣ እሱ ወደ ሥራው ይሄዳል። በዚህ ገበሬው በ3ኛው ቀን ይበላል፣ የሚበላውም የማይበላሽ ስንቅ ነው። አዳኙ ግን ሥጋው ይሸትበታል። አንድም በመቶኛ አልጨመርንም።

ከዚህ በኋላ ሁለት ምክር ከሰዎች ትሰማላችሁ፣ ሁለቱንም በጥርጣሬ ያዟቸው። የመጀመሪያው «ለእያንዳንዱ ጥቅም ጉዳት ጨምሩበት» የሚለው ነው። ጉዳት የሚሠራው ከምር ሲጎዳ ብቻ ነው። ፕሮጀክት ዞምቦይድ የሚባለው ሰርቫይቫል ጌም ውስጥ ተጫዋቹ ድክመት ሲመርጥ ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል። ቢልድ 41 በተባለው የጌሙ እትም «አጫሽ» መሆን 4 ነጥብ ይሰጥ ነበር፣ ጉዳቱ ደግሞ በቀላሉ የሚቻል ስለነበር ብዙ ሰው እንደ ነፃ ነጥብ ወሰደው። የማያም ቅጣት ስጦታ ነው። ሁለተኛው ምክር «የመጨረሻው ክህሎት በጣም ኃይለኛ ይሁን» የሚል ነው። ዘ ሎንግ ዳርክ የሚባለው ሌላ ሰርቫይቫል ጌም ላይ የምግብ ማብሰል ክህሎት 5ኛ ደረጃ ሲደርስ የተበላሸ ሥጋ እንኳ አብስለው ቢበሉት አያሳምምም። እዚያ ክህሎቱ በመሥራት ብዛት የሚያድግ፣ ማንም ሊደርስበት የሚችል ስለሆነ ችግር የለውም። እናንተ ግን 10 ነጥብ ብቻ ነው የምትሰጡት። አንድን አደጋ ከነጭራሹ የሚያጠፋ ክህሎት በነጥብ ከሸጣችሁ ያ አደጋ ለገዛው ሰው ከጌሙ ወጣ፣ ሌላውም ይከተለዋል። አቅሉት እንጂ አታጥፉት።

የ10 ነጥቡን ገደብ አትንኩት፣ ጥሩ ነው። ሁሉንም መግዛት ከተቻለ ምርጫ የሚባለው ቅደም ተከተል ብቻ ይሆናል። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ነጥቦች አንድ ጊዜ የመመለስ ዕድል ስጡት። ዓለሙን ሳያውቅ የመረጠው ነው።

ማሻሻያው መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ? «የትኛውን ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። የእያንዳንዱን ሰው ደቂቃ መዝግቡ፣ ስንቱ በእግር፣ ስንቱ በአደን፣ ስንቱ በማሳ እንደሄደ። ከዚያ እገዳ ሞክሩ። በብዛት የተመረጠውን ክህሎት ለአንድ ዙር ደብቁትና ምርጫው ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ሰዎቹ ከተበታተኑ ችግሩ ያ ክህሎት ብቻ ነበር፣ ቁጥሩን ነክታችሁ ትገላገላላችሁ። ሁሉም ተያይዘው ወደ ሌላ አንድ ክህሎት ከሄዱ ግን ዓለሙ አሁንም አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው፣ ዛፉን መነካካት አያድናችሁም።

ሞካሪዎቹን አንድ ክፍል አታስቀምጧቸው። 19ኙ ውስጥ ስንቶቹ ከጎናቸው ያለውን ልጅ ስክሪን አይተው እንደመረጡ አታውቁም። አንዱ «መንገደኛ ያዝ!» ካለ አለቀ። 26 ሰው ደግሞ ትንሽ ቁጥር ነው። 19 ለ7 ሲሆን ችግር እንዳለ ያሳያል፣ 14 ለ12 እና 12 ለ14 ግን አንድ ናቸው፣ በእነሱ ላይ ተነሥታችሁ ቁጥር አትቀይሩ።

ልታስቀሩት የማትችሉት ነገርም አለ። ጌሙ ከወጣ በኋላ አንድ ሰው ሳምንት ሙሉ ተቀምጦ ምርጡን ቢልድ ያሰላል፣ ቪዲዮ ይሠራበታል። ይህ በየትኛውም ጌም አይቀርም። እናንተ የምትቆጣጠሩት የልዩነቱን ስፋት ነው። እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ምርጡ ቢልድና በወጉ የታሰበበት ደካማ ቢልድ በቀን በሚተርፋቸው ደቂቃ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይራራቁ ነው። በዚያ ውስጥ ከሆነ ሰው የሚወደውን ይጫወታል፣ ሲሰፋ የተባለውን ይጫወታል።

እንግዲህ አዳኙን ወደ 50 በመቶው መልሱት። ፈጣን እግርንና ድርብ ጭነትን ዛሬውኑ ከዛፉ አውጡ፣ ሌላ ምንም አትንኩ። ስምንት ሰው በየቤቱ ስድስት ስድስት ሰዓት ይጫወቱላችሁ፣ 15 የጌም ቀን ይሆናል፣ ሁለት አዝመራም ይታያል። ያንን መዝገብ ካያችሁ በኋላ የጮቄን ሌሊት ጨምሩና እነዚያኑ ሳይሆን ሌሎች ስምንት ሰዎች አስሞክሩ። ግብጦው ሦስተኛ ይምጣ። ሦስቱን በአንድ ላይ ከለቀቃችሁ የትኛው እንደሠራ ማወቂያ አይኖራችሁም።